ለመለጠፍ ጊዜ ለሌለው ሱቅ፦ የቴሌግራም ቻናልን በሳምንት አንድ ጠዋት ማስተዳደር

አንድ ባለሱቅ «ኢንተርኔት ላይ የምለጥፍበት ጊዜ የለኝም» ሲል አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው። ጠዋት ሱቁን ከፍቶ ማታ እስኪዘጋ ድረስ ደንበኛ ያስተናግዳል፣ ዕቃ ይረከባል፣ ሒሳብ ይይዛል፤ በመሀል ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ማንሣት ሲጀምር ደንበኛ ይገባል፣ ፎቶውም ሳይለጠፍ ስልኩ ውስጥ ይቀራል። ሆኖም የሱቁን ውሎ ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ጊዜውን የሚበላው መለጠፉ አይደለም፤ አንድ ፎቶ ለመለጠፍ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ጊዜ የሚበላው በየቀኑ «ዛሬ ደግሞ ምን ልለጥፍ?» ብሎ ከባዶ መጀመሩ፣ እንዲሁም «ስንት ነው? የት ናችሁ?» ለሚሉት ጥያቄዎች በቀን ሃያ ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ መጻፉ ነው። ከዚህ በታች የማቀርበው እነዚህን ሁለቱን የመቀነሻ መንገድ፣ ቀጥሎም በትንሽ ገንዘብ ሱቁን የማስተዋወቂያ መንገድ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ የሚሸጥ አነስተኛ ሱቅ አለ እንበል። ባለቤቲቱ ከአንዲት ረዳት ጋር ትሠራለች። የሀበሻ ቀሚስ፣ ነጠላና ጋቢ ትሸጣለች፤ በልክ ለሚያሰፉም ትእዛዝ ትቀበላለች። ሽመናውን የሚሠሩላት ሸማኔዎች፣ ጥልፉንና ስፌቱን የሚሠሩላት ልብስ ሰፊዎች አሉ። ይህን ሱቅ የመረጥኩት የሚሸጠው ዕቃ በፎቶ የሚያምር፣ ግን በፎቶ በትክክል ለማሳየት የሚያስቸግር፣ ገበያውም ከበዓላትና ከሠርግ ወቅት ጋር የሚነሣና የሚወድቅ ስለሆነ ነው። ጫማ ወይም የቤት ዕቃ የሚሸጥ ሰውም አብዛኛውን ነገር ለራሱ ሊያውለው ይችላል።

መጀመሪያ ጥያቄዎቹን ይቁጠሩ

ምንም ነገር ከመክፈትዎ በፊት ለአንድ ሳምንት ያህል ከገንዘብ መሳቢያው አጠገብ አንድ ደብተር ያስቀምጡ። በስልክም ሆነ በጽሑፍ የሚመጣ እያንዳንዱ ጥያቄ በምን ጉዳይ እንደሆነ በአንድ ሰረዝ ይመዝገብ። በእኛ ምሳሌ ሱቅ በሳምንቱ መጨረሻ ሰረዞቹ በአምስት ጥያቄዎች ሥር ተሰብስበው ይገኛሉ እንበል፦ ዋጋው ስንት ነው፣ ሱቁ የት ነው፣ በእኔ ልክ ይሠራል ወይ፣ በስንት ቀን ይደርሳል፣ ያ ከዚህ በፊት የለጠፋችሁት ቀሚስ አሁንም አለ ወይ። ከእነዚህ ውጭ ያሉት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው።

ይህ ቆጠራ ቀላል ቢመስልም ቀጥሎ ያለው ሥራ ሁሉ የሚመሠረተው በእርሱ ላይ ነው። የሚለጠፈው ጽሑፍ ምን መያዝ እንዳለበት የሚነግርዎ ደንበኛው ነውና። አምስቱ ጥያቄዎች በእያንዳንዱ ልጥፍ ላይ አስቀድመው ከተመለሱ፣ የሚጽፍልዎ ሰው ቁጥር ይቀንሳል፤ የሚጽፉት ግን አብዛኞቹ ለመግዛት የቆረጡ ይሆናሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ባለሱቆች የሚያነሡት ተቃውሞ አለ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» ብለው የሚጽፉት ተፎካካሪ እንዳያይባቸውና ገዢው ዋጋውን አይቶ እንዳይሸሽ ነው። ስጋቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን ጊዜ ለሌለው ሱቅ ይህ አሠራር የሚያዋጣ አይመስለኝም። ተፎካካሪው ዋጋውን ማወቅ ከፈለገ አንድ ሰው ልኮ ይጠይቃል። በዋጋው የሚሸሸውም ሰው ከሦስት መልእክት በኋላ መሸሹ አይቀርም፤ ልዩነቱ ጊዜዎን ወስዶ መሄዱ ብቻ ነው። በልክ ለሚሠራ ልብስ ዋጋው እንደ ጥለቱና እንደ ጥልፉ ስለሚለያይ «ከ9,500 ብር ጀምሮ» ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ ተሠርቶ ለተሰቀለ ቀሚስ ግን ቁርጡ ይጻፍ። «መጨረሻ ዋጋ» የሚለውን ቃል የሚጽፉት በእርግጥ መጨረሻው ከሆነ ብቻ ይሁን፤ አንድ ጊዜ ከዚያ በታች ከሸጡ ወሬው ይሰማል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አያምነውም።

አንድ ቤት ብቻ ይክፈቱ

ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክና ቴሌግራም በአንድ ጊዜ የከፈተ ባለሱቅ ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ወር አራቱንም ትቷቸው ይገኛል። ጊዜ የሌለው ሱቅ አንድ ቦታ ብቻ ይያዝ። ለምሳሌያችን ሱቅ እኔ የምመርጠው የቴሌግራም ቻናልን ነው። ምክንያቱም ቻናሉ እንደ ካታሎግ ከላይ ወደ ታች የሚገለጥ ነው፤ ደንበኛዋ የወደደችውን ቀሚስ ለእኅቷ በአንድ ንክኪ ታስተላልፋለች፤ ከሁሉም በላይ የሳምንቱን ልጥፎች በአንድ ጊዜ አዘጋጅቶ በየቀናቸው እንዲወጡ ማድረግ ይቻላል። ቲክቶክ አዲስ ሰው በማምጣት ይበልጠው ይሆናል፤ ነገር ግን ቪዲዮ ይፈልጋል፣ ቪዲዮ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ቻናሉ ለሁለትና ለሦስት ወር ሳይቋረጥ ከሄደ በኋላ ቢያስቡበት ይሻላል።

ቻናሉን ለመክፈት በቴሌግራም "New Channel" የሚለውን ይምረጡ፤ ማንም ፈልጎ እንዲያገኘው ደግሞ "Public Channel" ያድርጉት። ስሙ የሱቁን ስም ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚሸጥና የት እንዳለ ይያዝ፤ ሰው የሚፈልገው «ሀበሻ ቀሚስ ሽሮ ሜዳ» ብሎ እንጂ ገና በማያውቀው የሱቅ ስም አይደለም። በላቲን ፊደል የሚጻፈው አድራሻ አጭርና በስልክ ሲነገር የማያሳስት ይሁን። ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ያለውን ቃል ይተዉት፤ አንዱ "habesha" ብሎ ሲጽፍ ሌላው "abesha" ብሎ ይጽፋልና።

የመጀመሪያው ልጥፍ ስለ ሱቁ የሚናገረው ይሁንና "Pin" በሚለው ከላይ ይሰካ። በእርሱ ላይ አድራሻው እኛ መንገድ በምንጠቁምበት መንገድ ይጻፍ፦ የታክሲው መውረጃ፣ በአቅራቢያው ያለ ሁሉ የሚያውቀው ምልክት፣ የሕንፃው ስም፣ ፎቁ፣ የሱቁ ቁጥር። ከጽሑፉ ይልቅ የሚረዳው ግን ሁለት ፎቶ ነው፤ አንዱ ከመንገድ ላይ ሆነው ሕንፃውን ያነሡት፣ ሌላው ከደረጃው ወጥተው ሱቁን ያነሡት። «የት ናችሁ?» የሚለው ጥሪ በአብዛኛው የሚመጣው ሕንፃው ሥር ደርሶ መግቢያው ከጠፋበት ሰው ነው።

ረዳቲቱ እንድትለጥፍ አስተዳዳሪ ሲያደርጓት "Post Messages" የሚለውን ፈቃድ ይስጧት፤ "Add New Admins" የሚለውን ግን ይዝጉት። በስልክዎም "Privacy and Security" ውስጥ ገብተው "Two-Step Verification" ያብሩ። ቻናላቸውን የተነጠቁ ሰዎች አብዛኞቹ የሚነጠቁት ወደ ስልካቸው የመጣውን የመግቢያ ቁጥር ለማያውቁት ሰው በመናገር ወይም በተላከላቸው ማስፈንጠሪያ ላይ በማስገባት ነው። ያንን ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ምንም ቢል፣ የቴሌግራም ሠራተኛ ነኝ እንኳ ቢል፣ አይሰጠው።

የማክሰኞው ጠዋት

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንግባ። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ገበያ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ይመደባል። ለምሳሌያችን ሱቅ ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 4፡00 ነው እንበል። በዚያ ሰዓት ረዳቲቱ የሚገባውን ደንበኛ ታስተናግዳለች፤ ባለቤቲቱ ደግሞ የሳምንቱን ልጥፎች ጨርሳ ትነሣለች። ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ማክሰኞ ስለ መለጠፍ አታስብም።

ሥራው የሚጀምረው ከቁጥር ነው። በዚያ ሳምንት ለሚታየው ለእያንዳንዱ ልብስ ቁጥር ይሰጠው፤ ቁጥሩም በትንሽ ካርቶን ተጽፎ በልብሱ መስቀያ ላይ ይታሰር፣ በልጥፉም ላይ ይጻፍ። ይህ ካልተደረገ ደንበኛዋ «ያቺ ከላይ ሦስተኛዋ፣ ጥለቷ ሰማያዊ የሆነችው» እያለች ትጽፋለች፤ እርስዎም የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ ቻናሉን ወደ ላይና ወደ ታች ሲገልጡ ሩብ ሰዓት ይሄዳል። ቁጥር ካለ «27 አለ?» ትላለች፤ ረዳቲቱም ቀና ብላ መስቀያውን አይታ ትመልሳለች። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ወስደው ሌላውን ቢተዉ ቁጥሩን እንዲወስዱ እመክራለሁ።

ቀጥሎ ፎቶው ነው፤ የሀበሻ ልብስ የሚያስቸግረውም እዚህ ላይ ነው። የስልክ ካሜራ ብርሃኑን ሲመጥን ምስሉን ወደ መካከለኛ ድምቀት ለማምጣት ይሞክራል፤ ስለዚህ አብዛኛው ነጭ የሆነ ልብስ ፊት ሲቆም ነጩን አጨልሞ አመድማ ያደርገዋል። በአዲስ ፈትል የተሠራ መነን የታጠበ አሮጌ ልብስ መስሎ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በስክሪኑ ላይ ልብሱን ይንኩት፣ ብርሃን የሚጨምረውን ምልክት በጣትዎ ወደ ላይ ይግፉት፣ ነጩ ነጭ እስኪሆን፣ ግን የሽመናው መስመር እስካልጠፋ ድረስ ብቻ። መስመሩ ከጠፋ አልፈውታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ችግር የሱቁ መብራት ነው። አምፖሉ እንደ ዓይነቱ ነጩን ቢጫ ወይም ሰማያዊ ያደርገዋል፤ የጥለቱንም ቀለም ይለውጠዋል። ስለዚህ ልብሱ ከበሩ አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታበት ጥላ ውስጥ ይሰቀልና በአጠገቡ ያለው አምፖል ይጥፋ። ከኋላው ነጭ ግድግዳ ካለ ልብሱ ከግድግዳው ጋር ይቀላቀላል፤ ሁለት ሜትር ያህል ቡናማ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ጨርቅ ገዝተው ከኋላው ይስቀሉ። ፎቶ የሚያስውቡ ማጣሪያዎችን ፈጽሞ አይጠቀሙ። ልብሱ በፎቶ ደማቅ ቀይ ሆኖ በእጅ ሲያዝ ወይን ጠጅ ከሆነ፣ በተለይ ገዢዋ ያለችው ውጭ አገር ከሆነ፣ የሚመጣው ክርክር ከአንድ ቀሚስ ትርፍ የሚበልጥ ጊዜና ስም ያስከፍላል።

ለአንድ ልብስ ሦስት ፎቶ ይበቃል፦ ሙሉው ልብስ፣ ጥለቱና ጥልፉ ከቅርብ፣ በመጨረሻም ልብሱ ተለብሶ ወይም በአሻንጉሊት ላይ ሆኖ። ሦስቱ በአንድ ላይ ተመርጠው እንደ አንድ ልጥፍ ይላካሉ። አራት ልብስ በዚህ መንገድ ለማንሣት፣ እጅ ከለመደ በኋላ፣ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ይፈጃል።

ጽሑፉ በየሳምንቱ እንደ አዲስ አይፈጠርም። አንድ ጊዜ አምስቱን ጥያቄዎች የሚመልስ ቅርጽ ተሠርቶ በ"Saved Messages" ውስጥ ይቀመጥና በየሳምንቱ እየተቀዳ የሚለወጠው ብቻ ይለወጣል። ለምሳሌ እንዲህ፦

ቁጥር 27። የመነን ሀበሻ ቀሚስ ከነነጠላው፤ ወርቃማና አረንጓዴ ጥለት፣ የእጅ ጥልፍ።
ዋጋ 12,000 ብር።
ይህኛው ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ደረት 96፣ ወገብ 80፣ ቁመት 140 ሳንቲ ሜትር። በሌላ ልክ ለማሠራት 21 ቀን፤ ግማሹ ቀብድ።
ሽሮ ሜዳ፣ አድራሻና ስልክ ከላይ በተሰካው ልጥፍ ላይ።

ከላይ ያለው ጽሑፍ ውበትን የሚያወድስ ቃል የለውም፤ ሆን ተብሎ ነው። ቀሚሱ ማማሩን ፎቶው ይናገራል። ፎቶው የማይናገረው ግን ልኩን፣ ዋጋውንና ቀኑን ነው።

ከዚያ መርሐ ግብሩ ይያዛል። ፎቶውና ጽሑፉ ተዘጋጅቶ ሲያበቃ የመላኪያውን ምልክት ሳይለቁ ተጭነው ይያዙት፤ "Schedule Message" የሚል ይመጣል፤ ቀኑንና ሰዓቱን መርጠው ያጸድቁ። ልጥፉ ከዚያ በኋላ የሚላከው ከቴሌግራም በኩል ስለሆነ በዚያ ሰዓት ስልክዎ ቢዘጋ፣ መብራት ቢጠፋ ወይም ኔትወርክ ባይኖር መውጣቱ አይቀርም። ኔትወርክ የሚያስፈልገው ማክሰኞ ጠዋት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ስሕተት አለ። አብዛኛው ስልክ የሚያሳየው የፈረንጅ ሰዓትና የፈረንጅ ቀን ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት እንዲወጣ ፈልገው 1:00 PM ብለው ከመረጡ ልጥፉ ከቀኑ 7 ሰዓት ይወጣል፤ ትክክለኛው 7:00 PM ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከደብተሩ ላይ ሁለቱንም ሰዓት ጎን ለጎን ይጻፉት። የምሽቱን 1 ሰዓት የመረጥኩበት ምክንያትም አለ፤ በአዲስ አበባ ሰው ወደ ቤቱ የሚገባበት ወይም ታክሲ ውስጥ ሆኖ ስልኩን የሚከፍትበት ሰዓት ነው፤ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ላሉ ወገኖቻችን ደግሞ በክረምታቸው ረፋዱ 5 ሰዓት፣ በበጋቸው 6 ሰዓት ይሆናል። ለልጆቻቸው የጥምቀትና የሠርግ ልብስ ከአገር ቤት የሚያስመጡ ብዙዎች እዚያ ስላሉ ሁለቱም ወገን ነቅቶ ባለበት ሰዓት መለጠፉ ይጠቅማል።

በሳምንት ስንት ልጥፍ ይበቃል? ለእንዲህ ዓይነቱ ሱቅ አራት ይበቃል ባይ ነኝ። ሦስቱ ዕቃ ያሳዩ፤ አንደኛው ደግሞ የልብሱን አሠራር ያሳይ፤ ሸማኔው ድሩን ሲዘረጋ፣ ጥለቱ ሲጣል፣ ወይም የእጅ ጥልፍ ከመኪና ጥልፍ በጀርባው በኩል እንዴት እንደሚለይ። ይህ አራተኛው ልጥፍ በቀጥታ አይሸጥም፤ ግን ሰዎች ለሌላ ሰው የሚያስተላልፉት ብዙውን ጊዜ እርሱን ነው። በቀን አምስትና ስድስት የሚለጥፍ ቻናል ግን ድምፁ ይዘጋል፤ ሰውየው ሳይወጣ ዝም ያሰኘዎታል፣ የአባላቱ ቁጥር ሳይቀንስ ልጥፉን የሚያየው ሰው ይቀንሳል። ከልጥፉ ሥር ባለው የዓይን ምልክት አጠገብ ያለውን ቁጥር በየሳምንቱ ካዩ ይህን በቀላሉ ያውቁታል።

የተሸጠው ልብስ ልጥፍ አይጥፋ። ከላዩ ላይ «ተሸጧል፤ በልክ ይሠራል» ተብሎ ይስተካከል። ማክሰኞ ከመጀመርዎ በፊት አምስት ደቂቃ ለዚህ ይስጡ፤ በሌለ ልብስ ተስቦ የመጣ ደንበኛ በቁጣ ነው የሚመለሰው።

መልስ መስጠትና ቀብድ መቀበል

መልእክት በመጣ ቁጥር ስልክ ማንሣት ሱቁ ውስጥ የቆመውን ደንበኛ ያስቀይማል፤ ጨርሶ አለመመለስ ደግሞ ገዢ ያሳጣል። መሃከለኛው መንገድ ሁለት የመልስ ሰዓት ወስኖ በተሰካው ልጥፍ ላይ መጻፍ ነው፦ «ለጽሑፍ መልስ የምንሰጠው ከቀኑ 6 ሰዓትና ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ ለሚያስቸኩል ይደውሉ።» ሰው ሰዓቱን ካወቀ ይጠብቃል። የልክ አወሳሰድ፣ የመላኪያ ሁኔታና የትእዛዝ ደንብ የሚሉት ረዘም ያሉ መልሶችም በ"Saved Messages" ውስጥ ተጽፈው ይቀመጡ፤ ረዳቲቱም ከዚያው እየቀዳች ትመልስ።

ቀብድ በቴሌብር ወይም በባንክ ሲላክ ደንበኛው የክፍያውን ምስል ይልክልዎታል። ምስሉን አይተው ሥራ አያስጀምሩ። ያንን ምስል በስልክ ላይ አስመስሎ መሥራት ከባድ አይደለም፤ ገንዘቡ መግባቱን በራስዎ ሒሳብ ላይ ካዩ በኋላ ብቻ ለሸማኔው ይንገሩ።

በሱቁ ውስጥ ካለው ሰው የሚጀምር ማስታወቂያ

ከሁሉ የሚረክሰው ማስታወቂያ ሱቁ ውስጥ የቆመው ሰው ነው። ቴሌግራም ለእያንዳንዱ ቻናል በስልክ ካሜራ የሚነበብ የኪው አር ምስል ያወጣል፤ በቻናሉ መግለጫ ገጽ ላይ ከአድራሻው አጠገብ ይገኛል። ምስሉን ማተሚያ ቤት ወስደው በግማሽ ወረቀት ልክ ያሳትሙትና በላስቲክ ያስለብጡት። አንዱ በመሞከሪያ ክፍሉ መስታወት ላይ፣ ሌላው ክፍያ በሚፈጸምበት ጠረጴዛ ላይ ይለጠፍ። በር ላይ መለጠፉ እምብዛም አይሠራም፤ የሚያልፈው ሰው ስልኩ በኪሱ ነው። የሚከፍለው ሰው ግን በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ ሲከፍል ስልኩ ተከፍቶ በእጁ ላይ ነው ያለው። በዚያች ቅጽበት ረዳቲቱ «አዲስ ሥራ በየሳምንቱ በዚህ እንለጥፋለን፤ ይመልከቱት» ብትል በቂ ነው። ዕቃው የሚገባበት ፌስታል ላይ የቻናሉ አድራሻ ቢታተም ደግሞ የሠርግ ቤት ጎረቤት ሁሉ ያየዋል።

ይህ ለጥቂት ሳምንታት ከሄደ በኋላ ገንዘብ የሚከፈልበት ማስታወቂያ ይታሰብ። በአገራችን ለትንሽ ሱቅ ቀላሉ መንገድ ብዙ ተከታይ ባለው በሌላ የቴሌግራም ቻናል ላይ ከፍሎ ማስለጠፍ ነው። የፌስቡክና የኢንስታግራም ማስታወቂያ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት ካርድ ስለሚፈልግ ብዙ ባለሱቆች በአገናኝ ያሠራሉ፤ በዚያ መንገድ ለመሄድ ከፈለጉ የገጽዎን የይለፍ ቃል ለማንም አይስጡ፣ ለአገናኙ የማስታወቂያ ፈቃድ ብቻ ይስጡት።

በሌላ ቻናል ላይ ከመክፈልዎ በፊት የአባላቱን ብዛት ትተው ከሦስት ቀን በፊት በወጡ ልጥፎች ሥር ያለውን የዓይን ቁጥር ይዩ። 40,000 አባላት ያሉት ቻናል ልጥፉን የሚያዩት 600 ሰዎች ብቻ ከሆኑ፣ አባላቱ በገንዘብ የተገዙ ወይም ቻናሉን የተዉት ናቸው። 6,000 አባላት ኖረውት 2,000 ሰው የሚያየው ቻናል፣ ይልቁንም ስለ ሠርግና ስለ ልብስ የሚያወራ ከሆነ፣ ይሻላል። ልጥፍዎ ከላይ ለስንት ሰዓት ሌላ ሳይደረብበት እንደሚቆይና መቼ እንደሚጠፋ ሳይስማሙ ገንዘብ አይክፈሉ፤ በጽሑፍ ይስማሙ።

ውጤቱን ለመለካት በቻናልዎ ማስተካከያ ውስጥ "Invite Links" ከዚያም "Create a New Link" ብለው ለዚያ ማስታወቂያ ብቻ የሚሆን አድራሻ ያውጡ። በዚያ አድራሻ ስንት ሰው እንደገባ ቴሌግራም ራሱ ይቆጥርልዎታል። በምሳሌያችን ሱቅ እንዲህ ሆነ እንበል፦ ለአንድ ቀን ልጥፍ 1,500 ብር ተከፈለ፤ 90 ሰዎች ገቡ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ 20ዎቹ ወጡ። ባለቤቲቱ አዲስ ገዢ ሲመጣ «በየት ሰሙ?» እያለች በዚያው ደብተር ላይ ጻፈች፤ ሁለት ሰዎች በዚያ ማስታወቂያ መጥተው አንዳንድ ቀሚስ ገዙ። ከአንዱ ቀሚስ የሸማኔው፣ የስፌቱና የጨርቁ ወጪ ተቀንሶ 1,400 ብር ቢተርፍ፣ ከሁለቱ 2,800 ብር ነው፤ የማስታወቂያው 1,500 ሲቀነስ 1,300 ብር ይቀራል። 70 ሰዎችም በቻናሉ ውስጥ ቀርተዋል። ይህ ሊደገም የሚገባው ማስታወቂያ ነው። ከአንድ ቀሚስ በታች ካመጣ ግን በዚያ ቻናል ላይ ሁለተኛ አይከፈልም። እንዲህ ዓይነቱን ሒሳብ ለመሥራት ከሁለት ሳምንት ያነሰ ጊዜ አይበቃም፤ የሀበሻ ቀሚስ ታይቶ በዚያው ቀን የሚገዛ ዕቃ አይደለም፣ ገዢዋ ለእናቷ ታሳያለች፣ ከሌላ ሱቅ ታወዳድራለች።

ማስታወቂያው ከበዓሉ ወደ ኋላ ይቆጠር

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ብሂል ለሀበሻ ልብስ ሻጭ የገበያ ሰሌዳ ነው። ብዙ ሱቆች ግን የጥምቀትን ልብስ ማስተዋወቅ የሚጀምሩት የገና ሰሞን ነው፤ ያኔ በልክ ለማሠራት የሚበቃ ቀን አልቀረም፤ ሸማኔውም ሰፊውም ተወጥረዋል። ስለዚህ ቀኑ ከበዓሉ ወደ ኋላ ይቆጠር። ጥምቀት ጥር 11 ነው። ደንበኛዋ ለክታ የሚስተካከለው እንዲስተካከልላት ልብሱን ጥር 8 ትረከብ እንበል። ሽመናው ሁለት ሳምንት፣ ጥልፍና ስፌቱ አንድ ሳምንት ከፈጀ፣ የመጨረሻው የትእዛዝ ቀን ታኅሣሥ 17 ይሆናል። ሰው ለማሰብና ለማወዳደር አራት ሳምንት ያህል ስለሚፈልግ የመጀመሪያው የጥምቀት ልጥፍ ኅዳር 19 ይወጣል ማለት ነው። ወደ ውጭ አገር ለሚላከው ደግሞ የመንገዱ ቀናት ተጨምረው የመጨረሻው ቀን ወደ ኅዳር ይገፋል፤ ይህም ለብቻው በግልጽ ይጻፍ።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ከተለመዱት አራት ልጥፎች አንዱ ስለ ቀኑ ይሁን፤ ኅዳር 19 «የጥምቀት ትእዛዝ እስከ ታኅሣሥ 17 እንቀበላለን»፣ ታኅሣሥ 3 ደግሞ ያው ከአዳዲስ ጥለቶች ጋር፣ ታኅሣሥ 12 «አምስት ቀን ቀርቷል»፣ ታኅሣሥ 17 ማታ «ትእዛዝ ዘግተናል፤ ተሠርተው ያሉት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው»። አራቱንም ኅዳር 19 ጠዋት በአንድ ጊዜ ጽፎ ቀን ማስያዝ ይቻላል። ገንዘብ የሚከፈልበት ማስታወቂያም ካለ የሚውለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንጂ በበዓሉ ዋዜማ አይደለም፤ በዋዜማው የሚመጣውን ሰው ማስተናገድ ራሱ ከአቅም በላይ ነው።

ሠርግም እንዲሁ ነው። በዐቢይ ጾም የኦርቶዶክስ ምእመናን ሠርግ ስለማይደግሱ ሱቁ ይቀዘቅዛል፤ ነገር ግን ከፋሲካ በኋላ የሚያገቡት ሰዎች ልብሳቸውን የሚመርጡት በዚያው በጾሙ ወቅት ነው። ያ ወቅት ለባለቤቲቱ ሁለት ነገር ይሰጣታል፤ ፎቶ ለማንሣት ጊዜ፣ ከፊት ለፊትም ሠርጋቸውን የቆረጡ ደንበኞች። በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት አንድ ሙሉ ጠዋት ወስዳ የሙሽራና የሚዜ ልብሶችን ብታነሣና እስከ ሆሣዕና ድረስ ያሉትን ልጥፎች በሙሉ ቀን ብታስይዛቸው፣ በሚያዝያ ሱቁ ሲጨናነቅ ማክሰኞ ጠዋትን ለትእዛዝ ርክክብ ልትተወው ትችላለች።